ዚፑ ከኋላ ለሚከፈት ሻንጣ

«ጋሼ፣ ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጅዳ በአውሮፕላን 23 ኪሎ ይዤ ልሄድ ነው። የሻንጣዬ አንዱ ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። አንድ ጠጋኝ በሱፐር ግሉ አጣብቆልኝ ነበር። ዚፑም ዘግቼው ሳበቃ ከኋላው ይከፈታል። ላሠራው ወይስ ርካሽ ግን ጠንካራ ልግዛ?»

እህቴ፣ ሌላ ግዢ። ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚበላው መዞር አቁሞ ሲጎተት ነው። ግምቴ፣ መጀመሪያ የጎማው ቤት ተጣሞ ጎማውን ያዘው፤ ቀጥሎ ሱፐር ግሉው ዘንጉ ውስጥ ገብቶ ጨርሶ አሰረው። መዞር ያለበትን ነገር ማጣበቅ ጥገና አይባልም!

ዚፑን በተመለከተ ጥርሱን ሳይሆን ጭንቅላቱን እዪ። ጭንቅላቱ ከፊት ሁለት መግቢያ፣ ከኋላ አንድ መውጫ አለው። ሁለቱ የጥርስ መስመሮች ለየብቻ ይገቡና ውስጥ ተጫጭነው፣ ተቆላልፈው ይወጣሉ። ከአቅሙ በላይ የታጨቀ ሻንጣ በጉልበት ሲዘጋ የመውጫው ከንፈር በጥቂቱ ይከፈታል። ከዚያ ወዲህ ጥርሶቹን አጥብቆ መጫን ስለሚያቅተው አንቺ ወደፊት ስትስቢ እነሱ ከኋላ ይፈታሉ። የኋላውን ሁለት ጎን በፒንሳ ቀስ አድርገሽ ብትጫኚው ለጊዜው ይይዛል። የርካሹ ብረት ግን ተሰባሪ ስለሆነ ትንሽ ከጠነከርሽበት ይሰነጠቃል።

ስትገዢ ጭንቅላቱን ገልብጠሽ ከጀርባው ቁጥር ፈልጊ። ለዋናው ክፍል 8 ወይም 10 ይሁን፤ 5 ለኪስ ነው። ቁጥር ካጣሽ የተዘጋውን ጥርስ ወርድ በማስመሪያ ለኪ፤ በሚሊሜትር የምታገኚው ከቁጥሩ ጋር ይቀራረባል። ከዚያ ዚፑን በአንድ እጅሽ ብቻ በማዕዘኖቹ ላይ አዙሪው። ሻንጣው ባዶ ሆኖ ማዕዘን ላይ እንቢ የሚል ዚፕ ሲሞላ ይብሳል።

ጎማው ሁለት ሆኖ ግማሽ አካሉ ሻንጣው ውስጥ የተቀበረ ቢሆን ይሻላል፤ አውቶቡስ ላይ ሲጫንና ሲወርድ አይገጭም። ዲያሜትሩ 6 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፣ ትንሹ የኮብልስቶን ክፍተት ውስጥ ይሰምጣል። የገበሩን ዚፕ ከፍተሽ ወደ ውስጥ እዪ፦ በብሎን ከታሰረ በካቻቢቴ ይፈታል፣ ይቀየራል። በሪቬት ብቻ ስስ ፕላስቲክ ላይ የተመታውን ተዪው። አራት ጎማ ያለው ለኤርፖርት ወለል ያምራል፤ በደሴ ቁልቁለት ግን 23 ኪሎ ጭኖ ካመለጠሽ የሰው እግር ይሰብራል። ስትቆሚ አጋድመሽ አስተኚው።

ሻንጣው ላይ በሚንጠለጠለው ወረቀት ዴኒየር የሚባል የጨርቅ ቁጥር ይጻፋል፤ የክሩን ውፍረት ይናገራል። 600 ስስ ነው፣ 1200 ይበቃሻል፣ 1680 ካገኘሽ ጥሩ። በወረቀቱ ብቻ አትተማመኚ። ገበሩን ከፍተሽ የስልክሽን መብራት ከውስጥ አብሪበት፤ ብርሃኑ በነጠብጣብ ከታየ ሽመናው ሳሳ ማለት ነው። በተለይ የታች ማዕዘኖቹን እዪ፣ መጀመሪያ የሚቀደዱት እነሱ ናቸው። ሻጩ አራት ጎማውን ካግባባሽ ደግሞ ደግሜ እላለሁ፦ ቁልቁለት ላይ እጅሽን አትልቀቂበት።