ከቅስት ቁራጭ ሬዲየስ ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተቆረጠ የበር ቅስት አመጡልኝ። ሙሉ ክቡ የለም። ሬዲየሱን እንዴት ላውጣ?

መልስ፦ በውስጥ በኩል ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ቀጥ ያለ ሪጋ አሳርፍ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ርዝመት c ነው። ከሪጋው መሃል በስኳድራ ቀጥ ብለህ እስከ ቅስቱ ለካ፤ እሱ h ነው።

```
R = c²/(8h) + h/2
```

በቅርብ የሠራሁት c 400 ሚሜ፣ h 40 ሚሜ ነበር። 400 በ400 ተባዝቶ ለ320 ሲካፈል 500 ይመጣል። የ40ን ግማሽ ስትጨምር 520 ሚሜ። ይህ የውስጥ ሬዲየስ ነው። ቱቦው 50 ሚሜ ውፍረት ካለው የመሃል መስመሩ 545 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

አንድ አባል፦ የመጨረሻው h/2 ለምን? ሐዲድ ላይ 20 ሜትር ገመድ ወጥረን፣ 50,000ን መሃል ላይ ለተለካው ሚሊሜትር አካፍለን ሬዲየሱን በሜትር እናገኛለን። በቃ።

መልስ፦ ለሐዲድ ልክ ነህ። 100 ሚሜ ብትለካ 500 ሜትር ነው፤ የምትተወው 5 ሳንቲሜትር ብቻ። በኔ ቁራጭ ግን ከ520 ላይ 20 ሚሜ ትተህ ትሄዳለህ። ያ ቅስት አይገጥምም።

ጥያቄ፦ የኔ ቁራጭ 100 ሚሜ ብቻ ነው። ይሠራል?

መልስ፦ ቀመሩ ይሠራል፣ ልኬትህ ግን ይከዳሃል። ያንኑ የ520 ቅስት በ100 ሚሜ ብትለካው h 2.4 ገደማ ነው። በመለኪያ ሜትር አይተህ 2 ሚሜ ካልክ 626 ይወጣል፤ 3 ካልክ 418። በ400ው ላይ ግን በ1 ሚሜ ተሳስተህ 39 ብትል እንኳ 532 ነው። ስለዚህ የምትችለውን ያህል ረጅም ርዝመት ያዝ። አጭር ብቻ ካለህ h ን በካሊፐር ጥልቀት መለኪያ ለካ። ጫፎቹንም በሞረድ አጽዳ። የብየዳ ጠብታ ሪጋውን ከፍ ካደረገው h ይበዛል፣ ሬዲየሱ ያንሳል።

ጥያቄ፦ የተጣመመ የመኪና ቸርኬ አለኝ፣ በዚህ ይታወቃል?

መልስ፦ አይታወቅም። ይህ ለእውነተኛ የክብ ቅስት ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ከመሃል በግራም በቀኝም ሩብ ርዝመት ሄደህ ለካ። በኔ ቁራጭ ሁለቱም ቦታ 30 ሚሜ ገደማ መሆን አለባቸው። አንዱ 34 ሌላው 26 ከሆነ ክብ አይደለም፤ ቀመሩን ተወው።

ጥያቄ፦ ቅስቴ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው። ሬዲየሱ ስንት ይሆናል?

መልስ፦ c ስንት? h ስንት? ከላይ ጽፌዋለሁ። ረጅም ርዝመት፣ የጸዱ ጫፎች። ለክተህ ተመለስ።

ሌላ አባል፦ ቱቦላሬ ሲቆረጥ ይከፈታል። ቁራጩን መለካት ራሱ ስህተት ነው።

ሐዲድ ሠራተኛው፦ አልከራከርም፣ ግን በብርድ የታጠፈ ብቻ ይመስለኛል።

መልስ፦ በብርድ የታጠፈው ሲከፈት አይቻለሁ። በእሳት የታጠፈውን ለክቼ አላውቅም። የቀረው ግማሽ በሩ ላይ እንደቆመ ካለ እሱን ለኩና ከቁራጩ ጋር አስተያዩት።