የዱባይ ሲም ደብረ ብርሃን ላይ ሲሠራ

«እህቴ ከዱባይ ለእረፍት ደብረ ብርሃን መጥታለች። በዱባይ ሲሟ ዳታ ፌስቡክ ይሠራል። የቤታችንን ዋይፋይ ስታበራ ግን ማንነትሽን አረጋግጪ ይላታል። ችግሩ ዋይፋያችን ነው?»

ዋይፋያችሁ ምንም አልሆነም። ሲሙ ሮሚንግ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ከአገሩ ውጭ ሲሠራ፣ ኔትወርክ የሚይዘው ከዚሁ ከደብረ ብርሃን ታወር ነው። ዳታው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ወደ ዱባዩ ኦፕሬተር ይሄድና ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ፌስቡክ የሚያየው የኤምሬትስ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ከየት አገር እንደገባች የሚጠቁመውን ቁጥር ነው። ለእሱ እህትህ ገና ከዱባይ አልተነሳችም! ዋይፋይ ስታበራ አይፒው ባንዴ የኢትዮጵያ ይሆናል። በአንድ ደቂቃ ከዱባይ ሸዋ የሚደርስ ሰው ስለሌለ፣ ሲስተሙ ሌላ ሰው ፓስወርዷን ሰርቆ የገባ ይመስለዋል።

ማየት ከፈለግክ አይፒ የሚያሳይ ድረ ገጽ አንዴ በሲሙ ዳታ፣ አንዴ በዋይፋይ ክፈት። አገሩ ሲቀየር ታያለህ።

መፍትሔው አንዱን መንገድ ይዞ መቆየት ነው። ዳታ ሮሚንጉን ታጥፋውና በዋይፋይ ብቻ ትጠቀም፤ ሂሳቡም ይቀንስላታል። ሲሙን ግን እንዳታወጣው፤ የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ የሚመጣው በእሱ ነው፣ ኤስኤምኤስ ደግሞ ዳታ አይፈልግም። ቪፒኤን እንዳትጠቀም አደራ! ሦስተኛ አገር ይጨምርባታል።

ከገባች በኋላ አውቴንቲኬተር አፕ ብታስገባ ጥሩ ነው። ኮዱን ስልኩ ራሱ ስለሚያወጣው ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። የስልኩ ሰዓት ከተዛባ ግን ፌስቡክ ኮዱን አይቀበልም።