የእጩዎች ደረጃ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ ሳይታወቅ ስለሚፈጸም አድልዎ

ጥያቄ፦ «ቃለ መጠይቅ ካደረግን በኋላ ተሰብስበን እጩዎቹን በደረጃ ስናስቀምጥ፣ ኃላፊያችን ቀድመው የወደዱት ሰው ሁልጊዜ አንደኛ ሆኖ ይወጣል። ሆን ብሎ የሚያዳላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስብሰባውን እንዴት ብንመራው ይሻላል?»

መልስ፦ በሰው ሀብት ክፍል ለዓመታት ስሠራ እንዲህ ያሉ ብዙ ስብሰባዎችን መርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን በደንብ አልመራኋቸውም። ከእነዚያ በአንዱ የክፍሉ ኃላፊ ስብሰባውን የከፈቱት «እኔ በበኩሌ ሁለተኛውን ሰው ገና መናገር ሲጀምር ነው የወደድኩት፤ እናንተስ?» በማለት ነበር። ሦስቱም ባልደረቦች በየተራቸው ተስማሙና ስብሰባው 20 ደቂቃ ሳይሞላው አለቀ። ወረቀቶቹን ወደ ፋይል ለማስገባት ስሰበስብ ግን ከሦስቱ ሁለቱ፣ በቃለ መጠይቁ ዕለት ለሌላ እጩ ከፍ ያለ ነጥብ ጽፈው አገኘሁ። ጠርቼ ስጠይቃቸው አንዳቸውም ኃላፊውን ፈርቼ ነው አላሉኝም፤ «ኃላፊው ሲናገሩ እኔ ያላየሁትን አይተዋል ብዬ አሰብኩ» የሚል ነበር መልሳቸው። ስለዚህ ለሰዎቹ «አታዳሉ» የሚል ምክር መስጠት ምንም እንደማይለውጥ ገባኝ፤ መለወጥ ያለበት የስብሰባው ቅደም ተከተል ነው።

ከዚያ በኋላ የወሰድነው የመጀመሪያ እርምጃ፣ እያንዳንዱ ጠያቂ ነጥቡንና የነጥቡን ማስረጃ ቃለ መጠይቁ በተካሄደበት ቀን ጽፎ ለስብሰባው መሪ ብቻ እንዲያስረክብ ማድረግ ነው። ሁሉም በሚያዩት የጋራ ሠንጠረዥ ላይ መሙላት አይሠራም፤ ዘግይቶ የሚሞላው ሰው ቀድሞ የተሞላውን ሳያይ አያልፍምና። ስብሰባው ሲጀመር የሁሉም ነጥብ በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ንግግሩን ከሥልጣን ዝቅ ያለው ይጀምራል፣ ኃላፊው በመጨረሻ ይናገራሉ። የስብሰባው መሪም ሠራተኛው የሚቀጠርለት ኃላፊ መሆን የለበትም። በመተላለፊያው ላይ «እንዴት አየኸው?» መባባልም አብሮ ካልቀረ ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት ለታይታ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው እርምጃ የመመዘኛዎቹን ክብደት የሚመለከት ሲሆን፣ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው እሱ ነው። ኤሪክ ኡልማን እና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ለፖሊስ አዛዥነት የቀረቡ ወንድና ሴት እጩዎችን ሰዎች እንዲገመግሙ አድርገው ነበር። ወንዱ እጩ የተማረ ሆኖ ሲቀርብ ገምጋሚዎቹ የትምህርትን አስፈላጊነት ከፍ አደረጉ፤ የመስክ ልምድ እንጂ ትምህርት የሌለው ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ ዝቅ አደረጉት። መመዘኛውን እጩዎቹን ከማየታቸው በፊት እንዲወስኑ ሲደረግ ግን አድልዎው ጠፋ። ሰው «እሷ ሴት ስለሆነች» ብሎ አያስብም፤ መመዘኛው ራሱ ሳይታወቀው ወደ ወደደው ሰው ይሳብበታል ማለት ነው።

እኛም ዘንድ ይኸው ሲደርስ አይቻለሁ። ለአንድ የቡድን መሪ የሥራ መደብ፣ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ለሙያ ዕውቀት 40፣ ቡድን ለመምራት ችሎታ 40፣ ለገለጻ ደግሞ 20 ከመቶ ወስነን ነበር። አራት ጠያቂዎች ከአምስት ነጥብ ሲሰጡ፣ ሁለት እጩዎች በሙያ ዕውቀት በአማካይ እኩል 4 አገኙ። በገለጻ ሴቷ 3፣ ወንዱ 4 ሲያገኙ፣ ቡድን በመምራት ወንዱ 3፣ ሴቷ 3.5 አገኙ። ሲሰላ ሁለቱም ከአምስት እኩል 3.6 ሆነ።

የሴቷ 3.5 የተገኘው ግን ሦስት ሰዎች 4፣ አንድ ሰው 2 ሰጥተዋት ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲታይ በአማካይ ሸፍኖ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። 2 የሰጠው ባልደረባ በወረቀቱ ላይ «ግትርነት ይታይባታል» ብሎ ነበር የጻፈው። ይህ አስተያየት እንጂ ማስረጃ ስላልሆነ፣ ይህን ያሰኘው የትኛው ንግግሯ እንደሆነ ጠየቅኩት። ከቡድኑ ጋር በአንድ የሥራ ዕቅድ ላይ አለመግባባት በተፈጠረ ጊዜ «የሁሉንም ሐሳብ ሰማሁና በመጨረሻ እኔ ወሰንኩ» ማለቷን ጠቀሰ። ከዚያ ወንዱ ለዚያው ጥያቄ የሰጠውን መልስ ከራሱ ማስታወሻ እንዲያነብልን ለመንኩት፤ እሱም «በመጨረሻ ውሳኔው የእኔ ነበር» ብሏል፣ በጎኑም «ቆራጥ» የሚል ቃል ተጽፏል። ባልደረባዬ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና ነጥቡን ማስተካከል እንደሚፈልግ ተናገረ። እኔ አልገሠጽኩትም፤ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ማንበቡ ብቻ በቂ ሆነ። ነጥቡ ወደ 4 ሲስተካከል የሴቷ ድምር 3.8 ሆነ።

ኃላፊው «ይህ ሰው ከበላይ አመራር ጋር ስለሚገናኝ ገለጻ ነው ዋናው» ያሉት ይህን ጊዜ ነው። ሐሳባቸውን ወስደን ለገለጻ 40፣ ቡድን ለመምራት 20 ብንሰጥ ውጤቱ ይገለበጣል፦ ወንዱ 3.8፣ ሴቷ 3.6 ይሆናሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ክብደቱን ከወሰንን ወዲህ በሥራው ላይ የተለወጠው ምንድን ነው? ኃላፊው አስበው ምንም እንዳልተለወጠ አመኑ። የተለወጠው እጩዎቹን ማወቃችን ብቻ ነበር፤ ክብደቱም እንደነበረ ቀረ። ሥራው በእርግጥ ተለውጦ ቢሆን ኖሮ አዲሱን ክብደት ተቀብለን፣ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤ መዝግበን፣ ለሁሉም እጩዎች እንደ አዲስ እናሰላ ነበር።

በአራት ሰዎች ግምት የተገኘ የ0.2 ልዩነት ብቻውን ማንንም አንደኛ አያደርግም። እንደ እኩል ቆጥረነው ወደ ማስረጃው ተመለስን። እዚህ ላይ ጋሮልድ ስታሰር እና ዊልያም ታይተስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳዩት ነገር ይጠቅማል፤ እጩ የሚመርጡ ቡድኖች ሁሉም አስቀድመው በሚያውቁት መረጃ ላይ ያተኩራሉ፣ አንድ ሰው ብቻ የያዘው መረጃ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። ስለዚህ ውሳኔ ከመስጠታችን በፊት «ሌላው ያልሰማውን ምን ሰማችሁ?» እያልኩ እያንዳንዱን በተራ እጠይቃለሁ። በዚያ ቀን ከሁላችን ጀማሪ የሆነችው ባልደረባ፣ ሴቷ እጩ ሁለት አዲስ ሠራተኞችን እንዴት አሠልጥና ለብቻቸው እንዲሠሩ እንዳበቃች ከነዝርዝሩ ነገረችን፤ ሌሎቻችን ይህን አልጠየቅንም፣ አልሰማንምም ነበር። ሴቷን የመረጥነውም በዚህ ማስረጃ ነው።

«ከእኛ ጋር ይግባባል» የሚለውን አነጋገር እኔ በስብሰባዬ አልቀበልም። ማለት የተፈለገው ነገር ከመመዘኛዎቹ በአንዱ ሥር ሊገባ የሚችል ከሆነ እዚያው ይነገር፤ ካልቻለ ግን ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ «እኛን ይመስላል» ነው።

ይህ ሁሉ እየሠራ መሆኑን የምለየው ነጥብ ከውይይት በፊትና በኋላ በሁለት ዓምድ በመመዝገብ ነው። ሰው ማስረጃ ሰምቶ ነጥቡን ቢቀይር ደግ ነው። ከጥቂት ስብሰባዎች በኋላ ግን ለውጡ ሁሉ ወደ ኃላፊው ነጥብ የሚያዘነብል ሆኖ ከተገኘ፣ ሰዎቹ የሚከተሉት ማስረጃውን ሳይሆን ኃላፊውን ነው። ከውይይት በፊት የተሰጡት ነጥቦች ዘወትር አንድ ዓይነት ከሆኑም ሰዎቹ ቀድመው ተነጋግረዋል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ስብሰባው ሊያስተካክለው የማይችለው ነገርም አለ። እጩዎቹ የተለያየ ጥያቄ ተጠይቀው ከሆነ ጎን ለጎን የሚነበብ መልስ አይኖርም፤ አድልዎው ቀድሞ ነጥቡ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። እንዲህ ሲያጋጥመኝ ደረጃ ማውጣቱን አቆምና፣ ማስረጃ በጎደለበት መመዘኛ ብቻ ለቀሩት እጩዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት የ30 ደቂቃ ተጨማሪ ቃለ መጠይቅ አስይዛለሁ።