ማሽኑ ብሩን ሳይሰጥ ሂሳቤ ተቀነሰ፤ ባንኩን ልክሰስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ፒያሳ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። የዛሬ ሁለት ወር መናኸሪያ አካባቢ ካለ የሌላ ባንክ ኤቲኤም 4,000 ብር ሊወጣ ሲል ማሽኑ ቆጥሮ ቆጥሮ ካርዱን መለሰ፣ ብር ግን አልሰጠም። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገድኩ ሳለ 4,000 ብር ተቀንሷል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። የማሽኑን ባንክ ብጠይቅ ወደ ባንክህ ሂድ አሉኝ። የእኔ ባንክ መጀመሪያ ራሱ ይመለሳል አለ፣ አሁን ደግሞ ትራንዛክሽኑ የተሳካ ነው ይለኛል። ልክሰሳቸው?

መልስ፦ ክሱን ለጊዜው ይተዉትና አንድ ነገር ይንገሩኝ። ማሽኑ ፊት የቆመው ማን ነበር? መልእክቱ ሲገባ እርስዎ ፒያሳ ሱቅዎ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገዱ ነበር። ማሽኑ ያለው መናኸሪያ ነው። ስለዚህ ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል ማለት ነው። ልጅዎ ይሁን፣ ወንድምዎ ይሁን ወይም የሱቅ ሠራተኛ አላውቅም። አልጻፉልኝም። ለምን እንዳልጻፉ ግን ይገባኛል። ባንኩ ይህን ካወቀ ገንዘቤ ይቀራል ብለው ፈርተዋል።

ፍርሃትዎ በከፊል ልክ ነው። ካርድ ሲወስዱ የፈረሙበት ውል የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም እንዳይሰጡ ያስገድድዎታል። በዚያ ቁጥር የወጣ ብር እርስዎ እንዳወጡት ይቆጠራል። ብሩ ማሽኑ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ግን ቁልፉን የነካው ሰው ማንነት ባንኩ ያልከፈለውን ብር ለራሱ እንዲያስቀር መብት አይሰጠውም። እርስዎን የሚጎዳዎት ውሸቱ ነው። አቤቱታዎ ላይ «እኔ ቆሜ» ብለው ከጻፉና ካሜራው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ካሳየ፣ ከዚያ በኋላ የሚሉትን ሁሉ ማንም አያምንዎትም። እባክዎ እውነቱን ይጻፉ። የሄደውንም ሰው ቁጭ አድርገው ይጠይቁት። ካርዱ ከተመለሰ በኋላ ምን ያህል ቆየ? ከኋላው ሰው ነበር? እዚያው ወይም ሌላ ማሽን ላይ ደግሞ ሞክሯል? ደግሞ ሞክሮ ብር ወጥቶለት ከሆነ፣ በስቴትመንትዎ ላይ ሁለት መስመር አለ ማለት ነው። የተቀነሰው መስመር የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ አቤት ማለት ራስን መጣል ነው።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። ተጠያቂዎ የራስዎ ባንክ ነው። ውል ያለዎት ከእሱ ጋር ነው፣ ገንዘቡንም ያስቀመጡት እሱ ዘንድ ነው። ማሽኑ የሌላ ባንክ መሆኑ የሁለቱ ጉዳይ ነው። ባንኮችን እርስ በርስ በሚያገናኘው ድርጅት በኢትስዊች በኩል ይጨራረሱታል። «ማሽኑ የእኛ አይደለም» የሚል መልስ አይቀበሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ግዴታ አለ ባዩ መኖሩን ያስረዳል፣ ግዴታዬ ቀርቷል የሚል ደግሞ መቅረቱን ያስረዳል። እርስዎ ተቀማጭ እንዳለዎት በስቴትመንት ያሳያሉ። «ከፍያለሁ» የሚለው ባንኩ መክፈሉን ያስረዳል። በወረቀት ላይ ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ ማስረጃው ሁሉ በባንኮቹ እጅ መሆኑና የአንዳንዱም ዕድሜ አጭር መሆኑ ነው።

አሁን «የተሳካ ነው» ስለሚሉት ነገር። የሌላ ባንክ ማሽን ላይ ካርድ ሲገባ ጥያቄው ከማሽኑ ወደ ባለቤቱ ባንክ፣ ከዚያ ወደ ኢትስዊች፣ ከዚያ ወደ እርስዎ ባንክ ይሄዳል። የእርስዎ ባንክ ሂሳብዎን አይቶ 4,000 ብሩን ይቀንስና «ፈቅጃለሁ» የሚል መልስ ይልካል። መልእክቱም ስልክዎ ላይ የገባው ያኔ ነው። ማሽኑ ብር መቁጠር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ቆጥሮ ካልቻለ ወይም ብር ከተጣበቀበት «አልከፈልኩም፣ መልሱ» የሚል መልእክት ይልካል። ሪቨርሳል የሚሉት እሱን ነው። እሱ ከደረሰ ብሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሂሳብዎ ላይ ተመልሶ ይገኛል። መስመሩ በዚያች ሰዓት ከተቆረጠ ግን አይደርስም። መቀነሱ እንዳለ ይቀራል፣ የእርስዎ ባንክ ኮምፒውተር ላይም ትራንዛክሽኑ የተሳካ ሆኖ ይታያል።

ስለዚህ ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ስክሪኗን አይታ «ተሳክቷል» ስትልዎ ስለ ፈቃዱ ነው የነገረችዎ። ብሩ ከማሽኑ መውጣቱን ያ ስክሪን አያሳይም።

ብሩ መውጣቱ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የማሽኑ ጆርናል ነው። ማሽኑ በየሰከንዱ ያደረገውን፣ ከየትኛው የብር መያዣ ካሴት ስንት ኖት እንዳነሳ፣ ኖቱ ወደ በሩ መቅረቡን፣ ስህተት ካለም የስህተቱን ኮድ የሚመዘግብበት ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ቆጠራው ነው። ብር ሊሞሉ ሲመጡ የቀረውን ቆጥረው ሲስተሙ ከሚለው ጋር ያስተያዩታል። ለምሳሌ 600,000 ብር ተሞልቶ፣ ሲስተሙ 412,000 ተከፍሏል ካለ፣ 188,000 መቅረት አለበት። ቆጠራው 192,000 ካሳየ 4,000 ብር ትርፍ አለ። ያ ትርፍ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማሽኑ የጣላቸው ኖቶች በሚጠራቀሙበት ሳጥን ውስጥ ነው። የእርስዎ 4,000 ብር በባለ ሁለት መቶ ቢሆን ሃያ ኖት እዚያ ይገኛል። ጆርናሉም በዚያች ሰዓት ስህተት ካሳየ ጉዳዩ አለቀ፣ ብሩ ይመለሳል። ትርፉ 2,000 ብቻ ከሆነ ማሽኑ ግማሹን ሰጥቷል ማለት ስለሚሆን የላኩትን ሰው እንደገና መጠየቅ አለብዎ። ቆጠራው ልክ 188,000 ከሆነ ግን ብሩ ከማሽኑ ወጥቷል። ማን እንደወሰደው መናገር የሚችለው ካሜራው ብቻ ነው።

ደንበኞቼ ሁሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። አቤቱታቸውን በአፍ ያሰማሉ። ለጥበቃው ይነግራሉ፣ ለገንዘብ ያዡ ይነግራሉ፣ ማናጀሩ ቢሮ ቁጭ ብለው ሻይ ይጋበዛሉ። «ራሱ ይመለሳል፣ ትንሽ ይጠብቁ» ይባላሉ። ይጠብቃሉ። የተናገረው ሰው ውሸታም ላይሆን ይችላል። በብዙ ጉዳይ እውነትም ራሱ ይመለሳል። ግን እርስዎ በሚጠብቁበት ጊዜ ሦስት ነገር ይሆናል። የካሜራው ቅጂ በአዲስ ይተካል፣ ለዘላለም አይቀመጥም። በማሽኑ የተገኘው ትርፍ ባለቤት እስኪመጣ በተለየ ሂሳብ ይገባል፣ ቀድሞ በጽሑፍ የጠየቀ ሌላ ሰውም ያንኑ 4,000 ብር የእኔ ነው ሊል ይችላል። በመጨረሻም ባንኩ «ያመለከቱት መቼ ነው?» ሲልዎ የሚያሳዩት ወረቀት የለም። ሁለት ወር ሙሉ ሲመላለሱ የከረሙት ሰውዬ በመዝገብ ላይ አንድም ቀን አልመጡም።

አንዲት ደንበኛዬ በዚህ መንገድ ነው የተጎዳችው። ማሽኑ ካርዷን መለሰላት፣ ብር ሳታይ ቀረች፣ ኔትወርክ የለም ብላ ሄደች። ብዙ ማሽን መጀመሪያ ካርድ፣ ቀጥሎ ብር እንደሚያወጣ አታውቅም ነበር። ለቅርንጫፉ በአፍ ነግራ ስትጠብቅ ከረመች። ቆጠራው ልክ ነበር፣ ጆርናሉም ብሩ በሩ ላይ ቀርቦ ተወስዷል ይላል። ያልተወሰደን ብር መልሶ የሚውጥ ማሽን አለ፣ የማይውጥም አለ። ከኋላዋ የነበረው ሰው አንስቶት ሊሆን ይችላል። ያ ቢሆን በባንኩ ላይ ሳይሆን በወሳጁ ላይ ነበር የምንሄደው። ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል፣ ያላግባብ ስለ መበልፀግ የሚናገረው ቁጥር 2162ም አለ። ግን ቅጂውን ስንጠይቅ አልነበረም። ማንን እንክሰስ?

እርስዎ የላኩትም ሰው ካርዱ እንደተመለሰ ወዲያው ዞሮ ሄዶ እንደሆነ የጠየቅሁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ይህን ያድርጉ። የዚያን ቀን ስቴትመንት ያውጡ፣ መልእክቱን ከስልክዎ አያጥፉ፣ ማሽኑ የሰጠው ወረቀት ካለ ያስቀምጡ። ከዚያ ለራስዎ ባንክ ደብዳቤ ይጻፉ። ማሽኑ ያለበትን ቦታ፣ ሰዓቱን እስከ ደቂቃ፣ መጠኑን፣ በመልእክቱ ላይ ያለውን የማመሳከሪያ ቁጥር፣ በማሽኑ ፊት የነበረውን ሰው ስም ያስገቡ። «ብሬ ይመለስልኝ» ብቻ ብለው አያቁሙ። የማሽኑ ጆርናልና የዚያ ዙር የገንዘብ ቆጠራ ውጤት ታይቶ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥዎ፣ የካሜራውም ቅጂ እንዳይጠፋ ለማሽኑ ባንክ እንዲነገር ይጠይቁ። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱና በአንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ማህተም ያድርግልዎ። ማህተም አንሰጥም ካሉ የካርድ አቤቱታ ቅጽ ሞልተው ቁጥሩን ይቀበሉ። ሁለት ወር አልፏል፣ ካሜራው ላይ ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም። ጆርናሉና ቆጠራው ግን የሂሳብ ሰነድ ስለሆኑ ቶሎ አይጠፉም።

ባንኩ ዝም ካለ ወይም ያለ ማስረጃ «የተሳካ» ብሎ ከመለሰ፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ መሠረት አቤቱታዎን ወደዚያ መውሰድ ይችላሉ። ያ መንገድ ዳኝነት አይከፈልበትም። ማህተም ያለበትን ቅጂ ግን መጀመሪያ የሚጠይቁዎት እሱን ነው። ፍርድ ቤትም ይቻላል፣ ከውል የመነጨ ጥያቄ በመርህ ደረጃ እስከ 10 ዓመት አይታገድም። ሆኖም ለ4,000 ብር የዳኝነት፣ የጠበቃና የሱቅዎ መዘጋት ወጪ ሲደመር ምን እንደሚሆን አስልተው ይወስኑ። እኔ የጻፍኩልዎ የላኩልኝን ብቻ አይቼ ነው። የባንኩን ውልም፣ ስቴትመንቱንም አላየሁም። ክስ ካሰቡ ውሉን፣ ስቴትመንቱንና ማህተም ያለበትን ቅጂ ይዘው እዚያው ሐዋሳ ያለ ጠበቃ ያማክሩ፣ ማሽኑ ፊት የነበረውንም ሰው ይዘውት ይሂዱ።