የፊልድ ወጪና አበል ለምን ከደሞዝ ተለይቶ ይገባል?

«ሰላም ቤተሰብ። ሥራ ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው፣ ቴክኒሻን ነኝ። ባለፈው ወር ለ4 ቀን ሐዋሳ ፊልድ ወጥቼ ነበር። ሆቴሉንም ትራንስፖርቱንም ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ደሞዜ በ25 ገባ። የፊልዱ ብር ግን ከ9 ቀን በኋላ ለብቻው ገባ፣ የደሞዝ ወረቀቴ ላይም የለም። ለምን አንድ ላይ አያስገቡትም? ቆርጠውብኝ ይሆን?»

ሰላም ወንድሜ። አዲስ አበባ ውስጥ በግል ድርጅቶች ፋይናንስ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፔሮል የምሠራው እኔ ነበርኩ። ይህን ጥያቄ ከአዲስ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ደሞዝ ለጉልበትህና ለጊዜህ የሚከፈልህ ነው፤ ያንተ ገቢ ነው። ለሆቴል የከፈልከው ግን የድርጅቱ ወጪ ነው። ድርጅቱ ራሱ መክፈል ሲገባው አንተ ለጊዜው ከኪስህ ሸፈንክለት። ስለዚህ ሲመልስልህ ብድሩን ከፈለህ እንጂ አዲስ ገቢ አልሰጠህም። ሕጉም የሚያየው እንደዚሁ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሥራ ጉዳይ ለወጣ የጉዞ ወጪ የሚተካን ገንዘብ ከግብር ነፃ ያደርጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ አንቀጽ 53 ላይ ደሞዝ የማይባሉትን ሲዘረዝር የውሎ አበልን፣ የመጓጓዣ አበልንና የዝውውር ወጪን ያስገባል።

ይህ ልዩነት ኪስህ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በቁጥር ላሳይህ። ያልተጣራ ደሞዝህ 18,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የግብር ማስከፈያ መሠረት 4,250 ብር የሥራ ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 1,260 ብር ነው። እጅህ ላይ የሚደርሰው 12,490 ብር ይሆናል።

አሁን ሐዋሳ ላይ ያወጣኸውን እንይ። ሆቴል 3 ሌሊት በ1,200 ብር ሒሳብ 3,600 ብር ነው። ደርሶ መልስ ትራንስፖርት 1,300 ብር፣ ለሥራው የገዛኸው ኬብልና ማገናኛ 1,100 ብር። ድምሩ 6,000 ብር፣ ሁሉም ደረሰኝ አለው። ይህን 6,000 ብር ከደሞዝህ ጋር ደምረን አንድ ላይ ብንከፍልህ ፔሮሉ 24,000 ብር እንዳገኘህ ይቆጥረዋል። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ሁሉ 35 በመቶ ስለሚቆረጥበት ግብርህ ወደ 6,350 ብር ከፍ ይላል። ማለትም ከራስህ ኪስ 6,000 ብር አውጥተህ የሚመለስልህ 3,900 ብር ብቻ ነው። ለድርጅቱ ሥራ ሄደህ 2,100 ብር ከሰርክ ማለት ነው። ለብቻው ሲገባ ግን 6,000ው ሳይሸራረፍ ይደርስሃል። እኔ ሁልጊዜ ለሠራተኛው የምለው «ተለይቶ መግባቱ የሚጠብቀው አንተን ነው» እያልኩ ነው።

ፔሮል ላይ ጽፈን ግብሩን ብንተወውስ? ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ፔሮል የቤት ውስጥ ወረቀት ብቻ አይደለም። በየወሩ ለግብር ሰብሳቢው የምናሳውቀው ከዚያ ተነስተን ነው። በስምህ የተጻፈው ብር ሁሉ ገቢህ ተብሎ ነው የሚነበበው። ኦዲተር መጥቶ ደሞዝ ውስጥ የተቀላቀለ ወጪ ካገኘ ግብር ያልተቆረጠበት ደሞዝ ነው ሊል ይችላል። ያኔ አንተም እኛም ነገሩን ለማስረዳት ስንባዝን እንውላለን። ለዚህ ነው ወጪው በክፍያ ማዘዣ፣ ደረሰኙ ከጀርባው ተያይዞ፣ በሌላ ሒሳብ የሚመዘገበው።

የ9 ቀኑ መዘግየትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። የደሞዝ ዝርዝር በወር አንዴ ይዘጋል። ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የተጣራ ክፍያ ያለበት ዝርዝር ከደብዳቤ ጋር ለባንክ ይላካል፣ አለቀ። ያንተ የፊልድ ወጪ ግን እንደዚያ በጅምላ አይሄድም። መጀመሪያ የክፍያ መጠየቂያ ትሞላለህ። አለቃህ ጉዞው እሱ የፈቀደው መሆኑን ይፈርማል። ከዚያ አንድ የፋይናንስ ሰው ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ያያል፣ ከመውጫ ደብዳቤህ ቀን ጋር ያስተያያል። በመጨረሻ ክፍያውን የሚፈርሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ከሁለቱ አንዱ ስብሰባ ላይ ወይም ራሱ ፊልድ ላይ ሊሆን ይችላል። 9 ቀን እኔ ካየኋቸው አንጻር መጥፎ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ክፍያ የሚያዘገየው ደረሰኝ ነው። ሁለት ነገር ልንገርህ። አንደኛ፣ ሆቴል ስትከፍል ደረሰኙ በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንዲቆረጥ ንገራቸው። በራስህ ስም ከተቆረጠ ድርጅቱ ወጪዬ ነው ብሎ ለማቅረብ ይቸገራል፣ ፋይናንስም ይመልስብሃል። ቁጥሩን ስልክህ ላይ ጽፈህ ያዝ። ሁለተኛ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ወረቀት ሙቀት አይወድም። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ላይ የዋለ ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል። አንድ ሠራተኛ ከዲላ ሲመለስ ሙሉ በሙሉ የነጣ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። በመብራት ፊት ይዤ አገላብጬ አየሁት፤ የድርጅቱ አርማ ጥላ ብቻ ነበር የቀረው። እንደ ዕድል ሆቴሉ የቀሪውን ኮፒ ፎቶ ልኮልን ተከፈለው፣ ግን አንድ ወር ፈጅቷል። ደረሰኝ እጅህ እንደገባ ፎቶ አንሳው።

የውሎ አበል ግን ከዚህ ይለያል። አበል ለምግብና ለመሳሰለው በቀን ተቆርጦ የሚሰጥ ነው። ድርጅትህ በቀን 500 ብር የሚከፍል ከሆነ ለ4 ቀን 2,000 ብር ታገኛለህ። ቁርስህን በ60 ብር ብትበላ ወይም ጓደኛህ ቤት ብትጋበዝ የተረፈው ያንተ ነው፣ የምሳ ደረሰኝም አትጠየቅም። የሚጠየቀው ጉዞው መደረጉን የሚያሳይ ነገር ነው፤ የመውጫ ደብዳቤና የሄድክበት ቦታ ፊርማ ወይም ማህተም። እንዲህ በቀን ተቆርጦ ስለሚሰጥ መንግሥት በመመሪያ ጣሪያ አስቀምጦለታል። ከጣሪያው በላይ ያለው እንደ ደሞዝ ግብር ይቆረጥበታል። አበልህ ተቀንሶ ከገባ መጀመሪያ ይህንን ጠይቅ።

ሌላው ጉዞው ከመደረጉ በፊት ቅድሚያ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። አንተ በዚህኛው ጉዞ አልወሰድክም፣ ወደፊት ግን ትወስዳለህ። ቅድሚያ ስትወስድ መዝገቡ ላይ ባለዕዳ ተብለህ ነው የምትጻፈው። ስትመለስ ደረሰኝህን አቅርበህ ታወራርዳለህ፣ የተረፈውን ትመልሳለህ፣ የጎደለ ካለ ይጨመርልሃል። ብዙ ልጆች «በኋላ አወራርዳለሁ» ብለው ሦስት ጉዞ ይደራርባሉ፣ ከዚያ የትኛው ደረሰኝ የትኛው ጉዞ እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። ያልተወራረደ ገንዘብ ከደሞዝ ሊቆረጥ ይችላል፣ ግን እንዲሁ አይደለም። ሕጉ ቅነሳ የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደሞዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ቅድሚያ ስትወስድ የምትፈርመውን ወረቀት አንብብ፤ ብዙውን ጊዜ የጽሑፍ ስምምነቱ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ግን ከልቤ የማስጠነቅቅህ ነገር አለ። መለየቱ የሚጠቅምህ ገንዘቡ እውነተኛ ወጪ ሲሆን ብቻ ነው። ደሞዝ «አበል» የሚል ስም ተሰጥቶት ሲለይ ጉዳቱ ያንተ ነው። እኔ በአንድ ወቅት የሠራሁበት አንድ ድርጅት በወር 11,000 ብር ይከፍለኝ ነበር። ውሉ ላይ ግን መነሻ ደሞዝ 6,000 ብር ነበር። 5,000ው «የጉዞና የውሎ አበል» እየተባለ በየወሩ በሌላ ቀን ለብቻው ይገባ ነበር። እኔ ደግሞ ከቢሮ ወጥቼ አላውቅም። ግብር ስላልተቆረጠበት ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ከ4 ዓመት በኋላ ስሰናበት ነው የገባኝ። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት ሲሶው ይጨመራል። ለ4 ዓመት የ2 ወር ደሞዝ ይሆናል። ሌላውን ትተን ይህንን ብቻ ብናይ 22,000 ብር መሆን የነበረበት 12,000 ብር ሆነ፣ ምክንያቱም አበል ደሞዝ አይደለም። ጡረታው ደግሞ ይብሳል። ከእኔ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በ6,000 ብር ላይ በወር 1,080 ብር ነበር የሚገባልኝ። በ11,000 ብር ላይ ቢሆን 1,980 ብር ነበር። በየወሩ 900 ብር፣ ለ48 ወር 43,200 ብር በስሜ ሳይገባ ቀረ። ባንክ ብድር ስጠይቅም የታየልኝ 6,000ው ብቻ ነበር።

እውነተኛ አበልን ከተከፋፈለ ደሞዝ መለየት ከባድ አይደለም። ፊልድ ባልወጣህበት ወር ያው መጠን ይገባል? ደረሰኝ ወይም የመውጫ ደብዳቤ ሳታቀርብ ይከፈላል? ሁለቱም አዎ ከሆነ ደሞዝህ ነው የተከፋፈለው፣ ውልህ ላይ እንዲስተካከል ጠይቅ። ከዚህ ጋር እንዳታምታታው፣ ከቤት ቢሮ ለመመላለስ የሚሰጥ መደበኛ የትራንስፖርት አበል አለ። እሱ በየወሩ ፔሮል ላይ ከደሞዝ ጎን በራሱ ዓምድ ይታያል። እስከ ጣሪያው ድረስ ግብር አይነካውም፣ ትርፉ ይቆረጥበታል። ያ ትክክል ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ቆርጠውብህ መሆን አለመሆኑን በአምስት ደቂቃ ታውቃለህ። ያቀረብካቸውን ደረሰኞች ደምር፣ የአበል ቀኖችህን በቀን ተመኑ አባዛ። በእኔ ምሳሌ 6,000 እና 2,000፣ ማለት 8,000 ብር ይሆናል። የገባልህ ከዚህ ካነሰ ፋይናንስ ሄደህ የክፍያ ማዘዣውን ኮፒ ጠይቅ። የትኛው ደረሰኝ እንደወደቀ እዚያ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ በእጅ የተጻፈ የትራንስፖርት ወረቀት ወይም በራስህ ስም የተቆረጠ የሆቴል ደረሰኝ ነው። ሆቴሉ በቶሎ ከተጠየቀ አስተካክሎ ሊቆርጥልህ ስለሚችል ሰኞ ጠዋት ደውልላቸው።