ቋንቋውን የማያውቅ ደንበኛ ተርጓሚውን በምን ይመን?

ከወልዲያ ነኝ፤ የትርጉም ሥራ ልጀምር ነው። ራሴን በማስተዋውቅበት ጽሑፍ ላይ «ፈጣንና ጥራት ያለው አገልግሎት» ብያለሁ። ይበቃል ጋሼ?

አይበቃም፤ ይህን ሰነፉም ተርጓሚ ይጽፈዋል። እዚህ ደሴ ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ እንግሊዝኛም ሆነ ዐረብኛ ስለማያነቡ፣ እነሱ ራሳቸው ሊያመሳክሩት የሚችሉትን ነገር አስቀድማለሁ። የደንበኛ ወረቀት ሳይሆን ለናሙና ያዘጋጀሁት የልደት ምስክር ወረቀት አለ፤ በእሱ ላይ የልደት ቀኑ ጥር 12 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። ጥር 1 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 9 ላይ ስለሚውል ብዙ ሰው ቸኩሎ ጃንዋሪ 20 ቀን 1992 ይላል። ሆኖም የ1983 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበረች 1984 የገባው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ይሆናል። ስሌቱን ከናሙናው ሥር አስፍሬዋለሁ፤ የተጠራጠረ ደንበኛ ቀን መቀየሪያ ከፍቶ ያየዋል።

«የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ» ማለት አይቀልም? ሰው የሚያምነው ዕድሜን ነው።

ግማሹ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዓመቱ በምን ዓይነት ሰነድ ላይ እንዳለፈ ካልተነገረ ለደንበኛው ምንም አያስረዳውም። እኔ የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ እንዲሁም ውክልና እንደምተረጉም፣ የሕክምና ሰነድ ግን እንደማልቀበል ጽፌያለሁ። ይህ ጥቂት ሰው መልሶብኛል፤ አልጸጸትም።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። የልጄን ስም ተርጓሚው በአንድ «ኤም» ጻፈው፤ ፓስፖርቱ ላይ ሁለት ነው። አንቱ ስንት ያስከፍላሉ?

አብሽሩ እትዬ፤ ዋጋውን ለብቻ እንነጋገራለን። የደረሰብዎት ነገር ግን ከወልዲያው ወንድማችን ጥያቄ ጋር ይገናኛል። እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የፓስፖርት ቅጂ እንደምጠይቅ፣ ማኅተም ከማሳረፌም በፊት ረቂቁን ሰጥቼ ስም፣ ቀንና ቁጥር ፊደል በፊደል እንደማስመሳክር፣ ስሕተቱ የእኔ ከሆነም ያለ ክፍያ እንደማርም አስቀድሜ ጽፌያለሁ። መሐመድ የሚለው ስም በብዙ መንገድ ስለሚጻፍ መነሻችን ፓስፖርቱ እንጂ የተርጓሚው ምርጫ ሊሆን አይገባም።

ቀኑና ስሙ ልክ ቢሆንም የዓረፍተ ነገሩን ትክክለኛነት በምን ያውቃል?

በእነዚህ አያውቅም፤ ቀን አስተካክሎ ውክልና የሚያበላሽ ሰው አይቻለሁ። «መሸጥ ይችላል» የሚለው «ማስተዳደር ይችላል» ሆኖ ቢተረጎም ደንበኛው የሚያውቀው ቤቱን ለመሸጥ ሲሄድ ነው። አይ.ኤስ.ኦ 17100 የተባለው የትርጉም አገልግሎት ደረጃ ከተርጓሚው ሌላ ሁለተኛ ሰው ከዋናው ጋር እያስተያየ እንዲያርመው የሚያዝዘው ለዚህ ነው። እኔ ለዐረብኛው አራሚ አለኝ፤ ለእንግሊዝኛው ግን ቋሚ ሰው ስላላገኘሁ ይህንኑ በግልጽ ጽፌዋለሁ።

እኔ ብሆን የሌለኝን አልጽፍም። ገበያ መዝጋት ነው።

ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛ ሥራዬ ከዐረብኛው ያነሰ ነው፤ በዚያች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ይሁን በሌላ ግን መለየት አልቻልሁም።