የሾፌሩ የሐኪም ወረቀት ለማን ይድረስ?

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤

በአዲስ አበባ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የፕሮግራም ኃላፊያችን ቢሮ ከእኔ ቢሮ በሁለት በር ብቻ ይርቃል፤ ሆኖም አንድ ነገር ሊጠይቁኝ ሲፈልጉ ግማሹን መሥሪያ ቤት ሲሲ አድርገው ይጽፉልኛል። ለአራት ወራት ታግሻለሁ። ጥር 25 ቀን የአንድ ሾፌራችንን ስም በርዕሱ ላይ ጽፈው፣ የሕክምና ወጪያቸውን እስከ አሁን ለምን እንዳልከፈልኩ ጠየቁኝ። ሲሲ ከተደረጉት መካከል የመስክ ቡድኑ የጋራ አድራሻና የለጋሹ ድርጅት ተወካይ ይገኙበታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሾፌሩ ቅጹን የሞሉት ጥር 6 ሲሆን ኃላፊው የፈረሙት ጥር 21 ነው፤ እኔ ዘንድ የደረሰው ጥር 22 ነው። ይህንን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ቅጹን፣ ደረሰኙንና የሐኪሙን ወረቀት ስካን አድርጌ አያይዤ መልስ አርቅቄአለሁ። ዳይሬክተሯም እንዲያውቁት በቢሲሲ አስገብቻቸዋለሁ። ረቂቁ ሦስት ቀን ሆነው። ስሜን ያጠፉት በሁሉም ፊት ስለሆነ በሪፕላይ ኦል ልመልስ፣ ወይስ ለእሳቸው ብቻ?

ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ኃላፊው ያደረጉት ነውር ነው፤ በዚህ ላይ አልከራከርዎትም። ደብዳቤዎን ደግሜ ሳነብ ግን ዓይኔ የቀረው እርስዎ ከቅጹና ከደረሰኙ ጋር ደርበው በአንድ ሐረግ ባለፉት ነገር ላይ ነው። የሐኪሙ ወረቀት! እዚያ ላይ የሰውየው ስም፣ ዕድሜና የሕመማቸው ዓይነት ተጽፏል። እርስዎና ኃላፊው በምትጻጻፉበት ደብዳቤ ውስጥ ሾፌሩ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ አልተጠየቁም፤ ረቂቁ እንዳለ ቢላክ ግን ከሁሉም በላይ የሚጎዱት እሳቸው ናቸው። ነገ አብረዋቸው መስክ የሚወጡት ባልደረቦቻቸው ሕመማቸውን ከእሳቸው አፍ ሳይሆን ከእርስዎ አባሪ ላይ ያነቡታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም የሰውን ጤና የሚመለከት መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ይመድበዋል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም።

ደግሞስ ወረቀቱ ለክርክርዎ ምን ይጨምርልዎታል? ጥር 6፣ ጥር 21፣ ጥር 22። ጉዳዩ 15 ቀን የተቀመጠው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ እንደነበርና እርስዎ ዘንድ ሦስት ቀን ብቻ እንደቆየ እነዚህ ቀናት ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሰውየው ምን እንዳመማቸው ማወቅ ይህንን አንድ ቀን አያረዝመውም፣ አያሳጥረውምም። እውነቱን ለመናገር፣ አባሪውን ያስገቡት ለማስረዳት ሳይሆን ለማሸነፍ ይመስለኛል። ሦስት ቀን ሳይልኩት መቆየትዎ ግን ልብዎ አንድ ነገር እንደነገረዎት ያሳያልና ለዚህ አመሰግንዎታለሁ።

በወጣትነቴ መዝገብ ቤት ስሠራ ደብዳቤ የሚጻፈው በታይፕ ነበር። ሲሲ የሚለው ምሕፃር የመጣው ያኔ በወረቀቶቹ መካከል እናስገባው ከነበረው ካርቦን ነው፤ አምስተኛው ቅጂ ላይ ሲደርስ ፊደሉ ደብዝዞ ለማንበብ ያስቸግር ስለነበር፣ ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» ብለን የምንዘረዝራቸው ክፍሎች ጥቂት ነበሩ። አለቃዬ አንድ ስም በተጨመረ ቁጥር «ይህ ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው ምን ያደርግበታል?» ብለው ይጠይቁን ነበር። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ግስ መጻፍ ነበረብን፤ ይፈርማል፣ ይከፍላል፣ ከማኅደሩ ጋር ያያይዛል። ግስ ያልተገኘለት ስም ይሠረዛል።

ያንን ጥያቄ በእርስዎ ረቂቅ ላይ እናንሣው። ኃላፊው ቀናቱን አይተው ያምናሉ ወይም ያስተካክላሉ፤ ስለዚህ የሚጻፍላቸው እሳቸው ናቸው። በሰው ሀብት ክፍል የሠራተኞችን ሕክምና የሚከታተለው ባልደረባ ማኅደሩን ያሟላል፤ ሲሲ ላይ ይግባ። የመስክ ቡድኑ ምን ያደርጋል? ያነብባል፣ ያወራል። ከዚያ በላይ ሥራ የለውም። የጋራ አድራሻ ደግሞ በመስኮቱ ላይ አንድ ስም ሆኖ ይታይ እንጂ ከኋላው ስንት ሰው እንዳለ አያሳይም፤ አውትሉክ የምትጠቀሙ ከሆነ ከስሙ ጎን ያለችውን የመደመር ምልክት ቢጫኗት ዝርዝሩ ይከፈትልዎታል፤ ያላሰቡትን ሰው የሚያገኙትም እዚያ ነው። የለጋሹን ተወካይ ወደ ጉዳዩ ያስገቧቸው ኃላፊው ናቸውና መልሱንም እሳቸው ይስጧቸው። እርስዎ አንዴ ከላኩላቸው መመለሻ የለዎትም፤ አውትሉክ የተላከ ደብዳቤ መልሶ የሚጠራበት መንገድ የሚሠራው በአንድ ድርጅት ውስጥ ላሉ ሳጥኖች እንጂ ከግቢ ለወጣ ደብዳቤ አይደለም፤ ጂሜይልም ቢበዛ 30 ሰከንድ ነው የሚሰጥዎት።

የዳይሬክተሯ ነገር አስቆጥቶኛል። በቆየው የጽሕፈት ደንባችን ግልባጭ የሚደርሰው ሁሉ ከግርጌ ተጽፎ ይታያል፤ ተቀባዩ ማን እንደሚያውቅበት ያውቃል። ቢሲሲ ይህንን ይሠውራል፤ መሠወሩ ግን አስተማማኝ አይደለም። ዳይሬክተሯ በስልካቸው ላይ ቸኩለው ሪፕላይ ኦል ቢጫኑ መልሳቸው ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለኃላፊውና ሲሲ ላይ ላሉት ሁሉ ይደርሳል፤ ኃላፊውም ከጀርባቸው እንደተከሰሱ በዚያች ቅጽበት ይረዳሉ። ከዚያ በኋላ የቀናቱን እውነት የሚሰማ አይኖርም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ቢሲሲው ይሆናል። ዳይሬክተሯ ማወቅ አለባቸው ካሉ ስማቸውን በግልጽ ሲሲ ላይ ይጻፉ፤ ይህን ካልደፈሩ በራቸውን አንኳኩተው ይንገሯቸው።

አሁን ረቂቁን ይዝጉና አዲስ ኢሜይል ይክፈቱ። በዚያው ላይ መመለስ የሾፌሩን ስም የያዘውን ርዕስና ከሥር የተከማቸውን ምልልስ ይዞ ይሄዳል። በርዕሱ ላይ የሰው ስም ሳይሆን የቅጹን ቁጥር ይጻፉ። የአድራሻውን ቦታ ጽሑፉ እስኪያልቅ ባዶ ይተዉት፤ ጣትዎ ቢስት እንኳ የትም አይሄድም። ስሞቹንም በመጨረሻ አንድ በአንድ ሲያስገቡ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚሞላልዎትን እስከ መጨረሻው ፊደል ያንብቡ። የቅጹን የመጀመሪያ ገጽ ብቻ ያያይዙ፤ እሱም ላይ የሕመሙ ዓይነት ከተጻፈ ያንኑ ተዉትና ቀናቱን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

በሁሉም ፊት የጠፋው ስምስ? እርሱን አልረሳሁትም፤ ዝም በሉ አልልዎትም። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ሪፕላይ ኦል ይጫኑ፣ የለጋሹን ተወካይ አድራሻ ያውጡ፣ የሾፌሩን ስም ከርዕሱ ይሠርዙ፣ ከሥር ያለውን የቀድሞ ጽሑፍ ያጥፉ፣ ከዚያም ይህችን ብቻ ይጻፉ፦ «ጥያቄው ለሒሳብ ክፍል የደረሰው ጥር 22 ቀን ሲሆን ክፍያው በመዘጋጀት ላይ ነው። ጉዳዩ የባልደረባችንን የግል ሁኔታ ስለሚመለከት ዝርዝሩን ለሚመለከታቸው ለብቻ ልኬያለሁ።» ጥር 22 እና ጥር 25ን አስተያይቶ ሦስት ቀን መሆኑን ለመቁጠር ማንም አይቸገርም።

ከዚያ ሁለት በር ይራመዱና ኃላፊውን ያነጋግሯቸው። ለሾፌሩም ገንዘቡ መቼ እንደሚደርሳቸው ደውለው ይንገሯቸው፤ ስማቸው በርዕስ ላይ ወጥቶ እስከ ዛሬ የደወለላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።